ራፒድ ትሪገር እና የሚስተካከል አክቹዌሽን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ዞን ኪቦርድ ሳስተካክል የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬያለሁ።

ማግኔቲክ ኪቦርድ ከሜካኒካል በምን ይለያል?

ሜካኒካል ስዊች ውስጥ ሁለት ስስ ብረቶች አሉ። ቁልፉን ስትጫኑ ይነካካሉ፤ ኪቦርዱ «ተጫነ» ይላል። ጣታችሁን ስታነሱ ይለያያሉ፤ «ተለቀቀ» ይላል። ልክ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ነው፦ ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። ብረቶቹ የሚነካኩበት ቦታ ፋብሪካ ላይ ተወስኖ ያለቀ ነው። ብዙ ጊዜ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ቁልፉ ከሚወርደው 4 ሚሊሜትር ግማሹ ላይ ማለት ነው።

ማግኔቲክ ስዊች ውስጥ የሚነካካ ብረት የለም። ከቁልፉ እግር ስር ትንሽ ማግኔት ተቀብራለች። ከታች ቦርዱ ላይ ደግሞ የማግኔት ጉልበት የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ሆል ሴንሰር ይሉታል። ማግኔቷ ስትቀርብ የሚለካው ቁጥር ይጨምራል፣ ስትርቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ኪቦርዱ ቁልፉ መጫኑን ብቻ ሳይሆን አሁን ስንት ሚሊሜትር ላይ እንዳለ ያውቃል። ከዚህ በታች የምናወራው ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የመጣ ነው።

የሚስተካከል አክቹዌሽን ምንድን ነው?

አክቹዌሽን ቁልፉ ሲወርድ «ተጫነ» የሚባልበት ጥልቀት ነው። ማግኔቲክ ኪቦርድ ጥልቀቱን ስለሚያውቅ ይህን መስመር የት እንደምታሰምሩ የእናንተ ምርጫ ነው። ብዙዎቹ ከ0.1 እስከ 4.0 ሚሊሜትር ገደማ ይፈቅዳሉ። 0.5 ላይ ካደረጋችሁት ነካ ሲደረግ ይሠራል። 3.0 ላይ ካደረጋችሁት አጥብቃችሁ ካልተጫናችሁ አይሰማም። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተለያየ ቁጥር መስጠትም ይቻላል፤ ዋናው ጥቅሙ ለእኔ እሱ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ብቻውን ራፒድ ትሪገር አይደለም። አክቹዌሽን ቢስተካከልም መስመሩ አንድ ቦታ የቆመ ነው። ስትወርዱ ስታልፉት ይበራል፣ ስትወጡ ስታልፉት ይጠፋል። ሰው ሁለቱን ያደባልቅና አክቹዌሽኑን 0.1 አድርጎ «ራፒድ ትሪገር አበራሁ» ይላል። እንዲያውም መልቀቁን አዘገየው። ምክንያቱም አሁን ቁልፉ እንዲጠፋ ጣቱ እስከ ላይ ድረስ መውጣት አለበት።

ራፒድ ትሪገርስ?

ራፒድ ትሪገር የቆመውን መስመር ያነሳዋል። ኪቦርዱ «የት ነህ?» ማለቱን ትቶ «ወደየት እየሄድክ ነው?» ይላል። ጣታችሁ ወደ ላይ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ከአክቹዌሽኑ መስመር በታች የትም ጥልቀት ላይ ይሁን፣ ቁልፉ ተለቀቀ። እንደገና ወደ ታች ሲመለስ ተጫነ። ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ለምሳሌ 0.3 ሚሊሜትር።

በቅርበት እንየው። D እስከ ታች 4.0 ድረስ ተጭኗል። ጣታችሁን ትንሽ ስታላሉት ቁልፉ 3.7 ላይ ደረሰ፤ ጠፋ። መልሳችሁ ስትጫኑት 4.0 ገባ፤ በራ። ጣታችሁ ከቁልፉ ሳይነሳ፣ ቁልፉም ወደ ላይኛው ግማሽ ሳይወጣ ጠፍቶ በራ። ሜካኒካል ላይ ይህን ለማድረግ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ወጥቶ መመለስ ግድ ነው። ነገሩን ለተጫዋች ያስተዋወቀው ዉቲንግ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ዛሬ ግን በርካሹም በውዱም ላይ አለ።

ጨዋታ ላይ በትክክል የሚቀየረው ምንድን ነው?

ካውንተር ስትራይክ 2ን ልውሰድ፤ ጥቅሙ በጣም የሚታየው እዚያ ነው። እየሮጡ የተኮሱት ጥይት ይበተናል። ጥይቱ ያነጣጠራችሁበት እንዲሄድ የሰውዬው ፍጥነት በያዘው መሣሪያ መሮጥ ከሚችለው ሲሶ አካባቢ መውረድ አለበት። ወደ ቀኝ የሚያስሄደውን D ስትለቁ ግን ሰውዬው ወዲያው አይቆምም፤ ትንሽ ይንሸራተታል። ስለዚህ ተጫዋቾች D ለቀው ወደ ግራ የሚያስሄደውን A ለቅጽበት ነካ ያደርጋሉ። ተቃራኒው ቁልፍ ፍሬን ይሆናል። ካውንተር ስትሬፍ የሚባለው ይህ ነው።

ችግሩ ያለው በሁለቱ ቁልፎች መሃል ነው። A ተጭኖ D ገና ካልጠፋ ጨዋታው ሁለቱን ያጣፋቸዋል። ፍሬን የለም፤ ሰውዬው በራሱ ጊዜ ይንሸራተታል። ጣታችሁ D ላይ መነሳት ጀምሯል፣ እናንተም የለቀቃችሁት መስሏችኋል፣ ኪቦርዱ ግን «ገና ነው» እያለ ነው። ተኮሳችሁ፣ ጥይቱ ጎን ላይ አረፈ።

ሒሳቡን እንሥራው። ጣታችሁ ሲነሳ በ10 ሚሊሰከንድ 1 ሚሊሜትር ይሄዳል እንበል። ሜካኒካሉ ላይ D ከ4.0 ተነስቶ ብረቶቹ እስከሚለያዩበት፣ 1.8 እንበለው፣ 2.2 ሚሊሜትር ይወጣል። 22 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያ ላይ ብረት ሲለያይ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙ ሜካኒካል ኪቦርድ እስኪረጋ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። 5 እንበል፤ 27 ሞላ። ራፒድ ትሪገር 0.3 ላይ ካለ ያው ጣት፣ በዚያው ፍጥነት፣ በ3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የሚነካካ ብረት ስለሌለ ያኛው ጥበቃም የለም። ልዩነቱ 24 ሚሊሰከንድ ነው። ጌም ዞኑ ውስጥ ያሉት ባለ 60 ኸርዝ ስክሪኖች አንድ ምስል የሚያሳዩት በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። ከአንድ ምስል በላይ አተረፋችሁ ማለት ነው።

የA አክቹዌሽን ከ2.0 ወደ 1.0 ቢወርድ እዚያም ትንሽ ይተርፋል። ግን ጣት ሲወርድ በምት ስለሚወርድ 1 ሚሊሜትር ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምለው፦ የከፈላችሁት ለመጫኑ ሳይሆን ለመልቀቁ ነው።

ገዝቼው ምንም ለውጥ አላየሁም። ለምን?

አንደኛው ምክንያት ጣታችሁ ቀላል ከሆነ ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ ቁልፉን እስከ ታች ለሚያስገባ ሰው ነው። ነካ ነካ እያደረጋችሁ 2.2 ሚሊሜትር ላይ ብቻ የምትጫኑ ከሆነ ሜካኒካሉም ላይ ለመልቀቅ የሚቀራችሁ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ትርፉ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ይሆናል። ቁልፉን እንደ በርበሬ የሚወቅጡት ልጆች ናቸው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን የሚያዩት።

ሁለተኛው የምትጫወቱት ጨዋታ ነው። ቫሎራንት ላይ ቁልፉ ሲለቀቅ ሰውዬው ቶሎ ስለሚቆም መልቀቁ መፍጠኑ በቀጥታ ይታያል። ኦሱ ላይ ሁለት ቁልፍ በፍጥነት ለሚደበድብ ሰው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዶታ ወይም ስትራቴጂ ለሚጫወት ግን ቁልፍ በመልቀቅ የሚያገኘው ነገር የለም። ለኳስ ጨዋታ ደግሞ ጆይስቲካችሁን ያዙ፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሦስተኛው የጣት ልማድ ነው። ለዓመታት D ለቃችሁ ትንሽ ቆይታችሁ መተኮስ ለምዳችኋል። ያ ቆይታ የድሮው ኪቦርድ መዘግየት ነበር። ኪቦርዱ ተቀየረ፣ እጃችሁ ግን አሁንም የድሮውን እየጠበቀ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ቁጥሮቹን ስንት ላድርጋቸው?

እኔ የምጀምረው እንዲህ ነው። A እና D አክቹዌሽን 1.0 ወይም 1.2፣ ራፒድ ትሪገር 0.3። W እና S ላይ አክቹዌሽኑ ያው፣ ራፒድ ትሪገሩ 0.5። W ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ስለሚቆይ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። Space 1.5። Shift እና Ctrl ላይ ራፒድ ትሪገር አጠፋለሁ። ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ ጣታችሁ ትንሽ ላላ ቢል የእግር ድምፃችሁ ለጠላት ይደርሳል። ቦንብ የሚወረውሩና መሣሪያ የሚቀይሩት ቁልፎች 2.0 ላይ ይቆዩ፣ ራፒድ ትሪገር አያስፈልጋቸውም። በስህተት ተነክቶ መሣሪያ ያስጣለ G ስንት ዙር እንዳስበላ እኔ አውቃለሁ።

ሁለት ሦስት ቀን ከተጫወታችሁ በኋላ A እና D ላይ በ0.05 እየቀነሳችሁ ሞክሩ። መቆራረጥ ሲጀምር አንድ እርምጃ ተመለሱ። የእናንተ ቁጥር እሱ ነው። የፕሮ ተጫዋች ቁጥር መቅዳት የሰው መነጽር እንደማድረግ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የት ነው የምቀይረው? ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ይጠፋሉ?

አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም አለው። አሁን አሁን ብዙዎቹ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ ይጠቀማሉ። ክሮምና ኤጅ ላይ ይሠራል። ፋየርፎክስ ላይ ገጹ ቢከፈትም ኪቦርዱን አያገኘውም፤ ኪቦርዱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

ቁጥሮቹ አንዴ ከተቀመጡ ኪቦርዱ ራሱ ውስጥ ይቀራሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ መብራት ቢሄድ፣ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት አይጠፉም። ጌም ዞን ለሚጫወት ሰው ይህ ሁለት ነገር ነው። የራሳችሁን ኪቦርድ ይዛችሁ ብትሄዱ ምንም መጫን አያስፈልግም። የቤቱን ብትጠቀሙ ግን ከእናንተ በፊት የተጫወተው ልጅ ያስቀመጠውን ቁጥር ነው የምትወርሱት። ከመጀመራችሁ በፊት ክፈቱና እዩት።

0.1 ላይ አድርጌዋለሁ፤ አሁን ሰውዬው እየሄደ ቆም ቆም ይላል። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ነው?

ባለፈው አንድ ልጅ ይህንኑ ይዞ መጣ። W ተጭኖ ሲሮጥ ሰውዬው እንደሚያነክስ ሰው ይንገጫገጫል። አዲስ ኪቦርድ ነው፣ ሊመልሰው ተነስቶ ነበር። ኖትፓድ ክፈት አልኩትና d ላይ ጣቱን እንዲያሳርፍ ነገርኩት። ጤነኛ ኪቦርድ ላይ አንድ d ይወጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ይወርዳል። የእሱ ላይ እየወረደ ሳለ መሃል ላይ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። ያ መቆም ዊንዶውስ አዲስ ቁልፍ ሲጫን ብቻ የሚጨምረው ጥበቃ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በመሃል ጠፍቶ እንደገና በርቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጥፋቱ የጣት ነው ወይስ የኪቦርድ የሚለውን መለየት ነበረብን። የበሩን ጓጉንቸር አንስቼ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩት። ጓጉንቸር አይንቀጠቀጥም። d ያለማቋረጥ ወረደ። ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የጣት ነው። የሰው ጣት ሳያውቀው ይላላል፣ በተለይ ውጥረት ላይ። 0.1 ሚሊሜትር ማለት የወረቀት ውፍረት ነው። ያን ያህል ሳይነቃነቅ የሚቆይ ጣት ያለው ሰው አላየሁም። 0.3 አደረግነው፣ ልጁ ኪቦርዱን ይዞ ሄደ።

ጓጉንቸሩም ተቀምጦ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ካሊብሬት አድርጉ። ፕሮግራሙ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እያንዳንዱን ቁልፍ እስከ ታች ትጫናላችሁ፣ ኪቦርዱ ላይኛውንና ታችኛውን ጫፍ እንደገና ይማራል። ስዊች ከቀየራችሁ ይህን ሳታደርጉ አትጫወቱ። ቀጥሎ በአካባቢው ማግኔት መኖሩን እዩ። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ኪቦርድ ላይ ተደርጎ ቁልፎች በራሳቸው ሲጻፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ሴንሰሩ ራሱ የሚዋዥቅ ነው። ካርቶኑ ላይ «0.01 ሚሊሜትር» የሚል ርካሽ ኪቦርድ ላይ አይግረማችሁ። ቁጥሩን ማሳየትና በዚያ ቁጥር መሥራት ይለያያሉ።

ከአዲስ አበባ ስጫወት ፒንጌ 150 ነው። 20 ሚሊሰከንድ ምን ይጠቅመኛል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ታክሲ ከአራት ኪሎ ተነስተው ሜክሲኮ ሲሄዱ አስቡ። መንገዱ ቢዘጋጋ ሁለቱም እኩል ይዘገያሉ። አንዱ ከፊት ወንበር፣ ሌላው ከኋላ ከተቀመጠ ግን በመሃላቸው ያለው ርቀት አይቀየርም። D መልቀቃችሁና ማውስ መጫናችሁም እንደዚያው ነው። ሁለቱም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም 150ውን ይከፍላሉ። ጥይቱ ይበተን አይበተን የሚወስነው ግን በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ነው፤ ያ ደግሞ እናንተ ጋ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ በከፍተኛ ፒንግም ካውንተር ስትሬፉ ይሻሻላል።

የማይጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ጠላት ከጥግ ሲወጣ መጀመሪያ ማን አየ የሚለውን ፒንግ ነው የሚወስነው። 20 ሚሊሰከንድ ያንን አይሞላም። ፒንጉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነና ዳታ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የታክሲው ምሳሌም አይሠራም፤ አንዱ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ወረደ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን ለኪቦርድ ከማዋል መጀመሪያ ዋይፋዩን ትታችሁ ኬብል ሰኩ።

8000 ኸርዝ የሚሉትስ?

ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሪፖርት እንደሚያደርግ ነው። 1000 ከሆነ በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው፣ 8000 ከሆነ በየ0.125። ትርፉ ቢበዛ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከላይ ካየነው 24 ጋር አስተያዩት። አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ እንዲያውም ጨዋታውን ሊያንተፋትፈው ይችላል። ለዚህ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ።

ሻጩ ማግኔቲክ ነው ይለኛል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?

መርፌ ይዛችሁ ሂዱ፤ እየቀለድኩ አይደለም። የቁልፉን ቆብ አንሱ፣ ስዊቹን በመንቀያው አውጡ፣ ገልብጡት። ከስሩ ሁለት ቀጫጭን የብረት እግሮች ከወጡ ሜካኒካል ነው፤ ሻጩ ወይ አላወቀም ወይ አውቆ ነው። ማግኔቲክ ስዊች ስሩ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የብረት እግር የሌለው ኦፕቲካል የሚባልም ስላለ መርፌዋን ወደ መሃሉ አስጠጉ። ከተሳበች ማግኔት አለ።

ስዊቹ አይነቀልም ካሉ ደግሞ ማስተካከያ ገጹን እንዲከፍቱላችሁ ጠይቁ። አንድ ቁልፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ጥልቀቱን የሚያሳየው መስመር ከጣታችሁ ጋር እየተንቀሳቀሰ መውረድ አለበት። ከባዶ ወደ ሙሉ ዘሎ የሚሄድ ከሆነ አትግዙ። ለወደፊቱም እወቁት፣ የማግኔቲክ ስዊች ሁሉ አንድ አይደለም። የማግኔቱ ጉልበትና አቅጣጫ ስለሚለያይ የአንዱን ኪቦርድ ስዊች ሌላው ላይ ስትሰኩ ላይሠራ ይችላል።

አማርኛ ስጽፍ ፊደሎች ይበላሹብኛል። ምን ላድርግ?

ለጽሑፍ ሌላ ፕሮፋይል ሥሩ፦ ሁሉም ቁልፍ 2.0፣ ራፒድ ትሪገር ጠፍቶ። በድምፅ አማርኛ ስንጽፍ l ብቻ «ል» ነው፣ e ሲከተለው «ለ»፣ u ሲከተለው «ሉ»። አንድ ፊደል በሁለት ቁልፍ ስለሚሠራ በስህተት የተነካች አንዲት ቁልፍ ፊደሉን ትቀይረዋለች። እንግሊዝኛ ላይ አንድ ትርፍ ፊደል ብቻ የነበረው ስህተት አማርኛ ላይ ቃሉን ያበላሸዋል። ፕሮፋይል መቀያየሪያው ብዙ ጊዜ Fn ከሌላ ቁልፍ ጋር ነው።

«ኮንቲኒዩየስ ራፒድ ትሪገር» የሚል ምርጫ አለ። ልክፈተው?

ተራው ራፒድ ትሪገር የሚሠራው ከአክቹዌሽን መስመሩ በታች ብቻ ነው። አክቹዌሽናችሁ 1.2 ከሆነ ጣታችሁ ከ1.2 በላይ ሲወጣ ነገሩ ያበቃል፤ እንደገና ለመጫን እስከ 1.2 መውረድ አለባችሁ። ኮንቲኒዩየሱ ሲበራ ግን አንዴ ከጀመረ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ላይ እስኪደርስ ድረስ አይጠፋም። 0.6 ላይም ሆናችሁ ትንሽ ከወረዳችሁ ይቆጠራል።

ኦሱ ለሚጫወት ሰው ጥሩ ነው፤ ጣቱ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ። ለካውንተር ስትራይክ ግን እኔ አጠፋዋለሁ። D ላይ ያለውን ጣታችሁን አላልታችሁ A ላይ ስታተኩሩ D ላይ ያረፈው ጣት ትንሽ ይወርዳል። ኮንቲኒዩየሱ እሷንም እንደ መጫን ይቆጥራታል፣ ያቆማችሁት ሰውዬ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጥፋቱ የእናንተ ስለሚመስላችሁ ምክንያቱን ለማግኘት ቀናት ይፈጃል።

ራፒድ ትሪገር ከጨዋታ ያስባርራል?

ራፒድ ትሪገር አያስባርርም። ጣታችሁ ያደረገውን ነው የሚልከው፤ ፈጥኖ ይልከዋል እንጂ የራሱን አይጨምርም። የሚያስባርረው ብዙ ጊዜ ከጎኑ ተቀምጦ የሚገኘው ሌላ ምርጫ ነው። ሬዘር ስናፕ ታፕ ይለዋል፣ ሌሎች ሌላ ስም ይሰጡታል፤ ጠቅላላ ስሙ SOCD ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ D ተጭናችሁ ሳትለቁት A ብትጫኑ ኪቦርዱ ራሱ Dን ያጠፋላችኋል። D መልቀቅ የእናንተ ሥራ ነበር፤ አሁን ኪቦርዱ ሠራው።

ቫልቭ በነሐሴ 2016፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2024፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ይህን ከለከለ። በራሱ ሰርቨሮች ላይ ሲደረስበት ከጨዋታው ያስወጣል። በዚያው ማሻሻያ ይህንኑ የሚሠሩትን የትእዛዝ ባይንዶችም ዘጋቸው።

ስለዚህ ጌም ዞን ገብታችሁ የቤቱን ኪቦርድ ስትይዙ ማስተካከያውን ከፍታችሁ A እና D ላይ SOCD ወይም ስናፕ የሚል ነገር መብራቱን እዩ። ገጹን መክፈት ካልቻላችሁ ኖትፓድ በቂ ነው። d ተጭናችሁ ያዙ፣ ሳትለቁት a ጨምሩ፣ አሁን aን ብቻ ልቀቁ። ጤነኛው ኪቦርድ ላይ ጽሑፉ ይቆማል፤ ዊንዶውስ ወደ d አይመለስም። ስናፕ ታፑ በርቶ ከሆነ ግን a ሲለቀቅ ኪቦርዱ dን እንደ አዲስ ይልካትና እንደገና መጻፍ ትጀምራለች።